በጃፓን ገበያ የምንይዘው ቦታ
ለሽያጭ፣ ለጥራት ቁጥጥርና ለመጋዘን ሠራተኞቻችን

ዋናው ይህ አንቀጽ ነው፦

«ከ10 እስከ 40 ጆንያ ለሚገዙ የጃፓን ቡና ቆዪዎች፣ በናሙና የቀመሱትን ቡና ራሱን የምንልክ አነስተኛ ላኪ ነን። የአንዱን ማጠቢያ ጣቢያ ቡና ከሌላው አንቀላቅልም። ገዢው የጭነቱን ናሙና ቀምሶ እሺ እስኪል ድረስም አንጭንም።»

ጣዕም የሚል ቃል የለበትም፤ ሆን ብለን ነው። ቡናው ጥሩ መሆኑን የማይናገር ላኪ አለ እንዴ? በቅምሻ ከ100 ነጥብ 80 ያገኘ ሁሉ ስፔሻሊቲ ይባላል። ነጥቡ በር ያስከፍተናል እንጂ ከሌላው አይለየንም። የአገሩ ስምም ቢሆን በየላኪው ጆንያ ላይ አለ።

ትንሹን ቆዪ የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዝ ጆንያ 320 ገደማ ይጭናል፤ ከ19 ቶን በላይ ማለት ነው። አንድ ሱቅና አንድ መቁያ ያለው ሰው ይህን የት ያደርገዋል? ስለዚህ አስመጪው ካመጣው ላይ ጥቂት ጆንያ ይገዛል። ያኔ ደግሞ የደረሰው ቡና የቀመሰው ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይሆንም። እኛ የምንገባው እዚህ ክፍተት ላይ ነው። የብዙ ቆዪዎችን ትእዛዝ በአንድ ኮንቴይነር እንሰበስባለን፤ የእያንዳንዱ ሎት ግን በራሱ ቁጥር ይሄዳል።

ቃላችንን የሚያስጠብቁልን የጥራትና የመጋዘን ልጆች ናቸው። ከእያንዳንዱ ሎት ግማሽ ኪሎ ናሙና ለአንድ ዓመት እናስቀምጣለን፤ ክርክር ቢነሳ ያንን አውጥተን አብረን እንቀምሳለን። እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ካልሆነ ሎቱ አይወጣም። ጆንያው አዲስ፣ ውስጡም ፕላስቲክ ያለው ይሁን። ይህ ለውበት አይደለም። ጃፓን ከ2006 ጀምሮ የራሱ ገደብ ላልተቀመጠለት የፀረ ተባይ ቅሪት የምትፈቅደው 0.01 ፒፒኤም ብቻ ነው። ኬሚካል የነካው አሮጌ ጆንያ ንጹሑን ቡና ሊያስጥለው ይችላል። የላቦራቶሪ ውጤት ሳይያዝ ጭነት የለም።

ሁለት ነገር አንልም። «ርካሽ ነን» አንልም፤ በዋጋ ከትልልቆቹ ጋር ብንገባ እንከስራለን። «ኦርጋኒክ» አንልም። ገበሬዎቻችን ኬሚካል እንደማይጠቀሙ እናውቃለን፤ ሰርተፍኬቱ ግን በእጃችን የለም።

አንድ ቆዪ ሙሉ ኮንቴይነር ቢጠይቅስ? ደስ ይላል፤ ግን ከአንድ ጣቢያ ያን ያህል ስለማናገኝ ቀላቅለን አንሞላለትም። ያለንን ያህል እንሸጥለታለን።

የጃፓንኛው ጽሑፍ ከመሰራጨቱ በፊት ቡና በሚቆላ ጃፓናዊ ይነበብ። «ሎት» እና «የጭነት ናሙና» የሚሉት ቃላት እነሱ በሚጠሩበት ስም ካልገቡ፣ ከላይ ያለው አንቀጽ እንደገና ይተርጎም።