ሃያ ሦስተኛው መስመር

መስኮቱ ከተከፈተ ቢምቢ፣ ከተዘጋ ሙቀት። የድሬዳዋ ሐምሌ ከምሽቱ 4 ሰዓትም አይበርድም። ለነገው ፈተና ዶርም የገቡት ስድስት ልጆች ተከራክረው ቢምቢውን መረጡ፤ ፍራሾቻቸውን ከተደራራቢው አልጋ አውርደው ሲሚንቶው ላይ አነጠፉ። ሰሚራ ሻሿን በጀሪካን ውሃ ነክራ ጨመቀችና አንገቷ ላይ ጣል አደረገችው።

ሄለን ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ከብስኩት ካርቶን በቀደደችው ቁራጭ ላይ ክብ ትስላለች፣ ታጠቁራለች፣ ደግሞ ትስላለች።

"አሁንም ያ ሃያ ሦስት ነው?"

አልመለሰችም። በሞዴል ፈተናው የሒሳብ 23ኛ ጥያቄ ከብዷት ዘለለችው። መልስ መስጫው ላይ ግን መስመሩን ሳትዘል የ24ኛውን መልስ 23 ላይ አጠቆረች። ነገሩ የገባት 60ኛውን ጨርሳ አንድ ባዶ መስመር ሲተርፋት ነው። አስር ደቂቃ ነበር የቀራት። ሠላሳ ሰባት ክብ ለማጥፋት ላጲሱን አነሳች፤ ላብ የነካው ወረቀት ተላላጠ፣ ግማሹ ክብ በደንብ ሳይጠፋ ቀረ። አንድ መስመር ላይ ሁለት የጠቆረ ካለ ደግሞ ማሽኑ ነጥብ አይሰጥም።

"አቦ፣ ስሚኝ" አለች ሰሚራ በክርኗ ተነስታ። "የዘለልሽውን ቁጥር ጥያቄው ላይ ክበቢው። በየአስሩ ቆም እያልሽ ቁጥሩን ከቁጥሩ አስተያዪ። 10 ላይ፣ 20 ላይ። ቢያሳስትሽም ከአስር አያልፍም። ምን ሆነሽ ነው እርሳሱን እንዲህ ያሾልሽው? በመርፌ ቀለም ልትቀቢ? ካርቶኑ ላይ ፈትጊው፣ ደልደል ይበል።"

ሄለን ፈተገችው። ክቡ በሦስት ጭረት ሞላ። በሾለው ሰባት ስምንት ጊዜ ነበር የምትመላለሰው።

"የጥያቄ ወረቀቱ ኮድስ?"

"ስምሽን እንደጻፍሽ እሱን። ለኋላ ብለሽ እንዳታቆዪው።"

መብራቱ ጠፋ። ከጥግ አንዷ "ማን ይቀሰቅሰናል?" አለች። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ የማንም ማንቂያ የለም።

"እኔ ለሱብሂ እነሳ የለ" አለች ሰሚራ። "ውሃው ከቆመ ግን በጀሪካኑ ነው የምንታጠበው፣ ማታ እንዳትጨርሱት።"

ሄለን ጋደም ብላ መፈተኛ ካርዷን ከትራሷ ሥር ዳሰሰች። ረጥቧል። ትራሱ በላብ ርሷል፤ ፎቶው ቢፈዝ ነገ በር ላይ ማን ያስገባታል? በጨለማ ተነስታ ዳቦ ከመጣበት ፌስታል ፍርፋሪውን አራገፈች፣ ካርዱን በቀሚሷ ጠርዝ አደረቀችና ፌስታሉ ውስጥ ከትታ አልጋው ብረት ላይ አሰረችው።

"ሄለን" አለች ሰሚራ።

"እ?"

"እኔ እንቅልፍ ከጣለኝ ቀስቅሺኝ። አንቺ መቼም አትተኚም።"