ላም አትጾምም፦ ለሦስት ደቂቃው የሥራ ፈጠራ ውድድር የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ ዳኞች፣ የጎንደር ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ሰው ይጾማል። ላም አትጾምም።

ያደግሁት አዘዞ ነው። እናቴ ሦስት የሚታለቡ ላሞች አሏት። በፍስክ ጊዜ ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ልጅ በብስክሌት ይመጣል። ወተቱን ሰፍሮ በጀሪካን ይገለብጣል፣ ሊትሩን በ70 ብር ይከፍላል፣ ይሄዳል። ባለፈው ዐቢይ ጾም በሁለተኛው ቀን ያው ልጅ መጣ። ከብስክሌቱ አልወረደም። አንድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ «እማማ፣ ዛሬ የሚገዛኝ ሰው የለም» አላትና ዞሮ ሄደ። እናቴ 14 ሊትር ወተት ይዛ በር ላይ ቀረች።

ትንሽ ጎረቤት በ30 ብር ወሰደላት። የቀረው ረግቶ ተገፋ። ቅቤው ወጣ። አሬራውን ጥጃው ጠጣ፣ ጥጃው ሲጠግብ ተደፋ። በጾም አይብ ማን ይበላል? ፋጉሎው ግን ያው ፋጉሎ ነው። ዋጋው በጾም አይቀንስም።

ይሄ የእናቴ ችግር ብቻ ቢሆን እዚህ አልቆምም ነበር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። አጥብቆ ለሚጾም ሰው የዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው። ጾሙ የኛ ነው፣ እንዲቀር የሚፈልግ የለም። እኔም እጾማለሁ። የምንፈልገው ወተቱ እስከ ፍስክ እንዲቆይልን ነው።

አሁን ወደ ከተማው እንምጣ። ባልደረባዬና እኔ ከፒያሳ እስከ ማራኪ 11 ሆቴልና ፒዛ ቤት ዞረን ጠየቅን። ዘጠኙ ፎርማጆ የሚያስመጡት ከአዲስ አበባ ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ተጉዞ ይመጣል። አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ላብ አውጥቶ ይደርሳል። እዚህ አዘዞ ወተት እየተደፋ፣ እዚያ ፒያሳ ፎርማጆ ይጠበቃል።

የኛ ሥራ እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ነው። የጾሙን ወተት ከገበሬው እንገዛለን፣ ፎርማጆ እናደርገዋለን፣ ሲበስል ለሆቴል እንሸጣለን።

አሠራሩ ይህ ነው። ወተቱ ሲመጣ በላክቶሜትር ውኃ እንዳልተቀላቀለበት እናያለን። ከዚያ በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ እናሞቀዋለን፣ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን እንዲሞቱ። ቀዝቀዝ ሲል እርሾና ወተቱን የሚያረጋውን ሬኔት እንጨምራለን። ሲረጋ ቆርጠን አጓቱን እናስወጣለን፣ በቅርጽ ማውጫ እንጫነዋለን፣ ጨው ውኃ ውስጥ እናሳድረዋለን። ከ10 ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ገደማ ይወጣል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሁለት ወር ገደማ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ፣ በየሁለት ቀኑ እያገላበጡ።

ሁለት ወር! ዐቢይ ጾም ስንት ቀን ነበር? ሃምሳ አምስት። በመጀመሪያው ሳምንት የሠራነው ለፋሲካ ይደርሳል። ይህ የገባኝ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገበያውን የሚዘጋው ጾም ለፎርማጆ የማብሰያ ጊዜው ነው።

ሞክረነዋል። ባለፈው ዐቢይ ጾም ከስድስት ቤት 400 ሊትር ገዛን፣ ሊትሩን በ55 ብር። 38 ኪሎ ፎርማጆ ሠራን። ሰባት ኪሎው ተበላሸ። መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋ፣ የተከራየነው ፍሪጅ ሞቀ፣ ፎርማጆው አበጠ። 31 ኪሎውን ግን ለሁለት ሆቴልና ለአንድ ፒዛ ቤት ኪሎውን በ1,150 ብር ሸጥን። ሦስቱም «መቼ ነው የምታመጡት?» እያሉ ይደውላሉ።

ከሰባቱ ኪሎ ተማርን። ፍሪጁን ተውነው። የወገራውን የአምባ ጊዮርጊስ ብርድ የማያውቅ አለ? እዚያ አጎቴ የድንጋይ ቤት አለው። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ መስኮቱ ትንሽ። ሦስት ሳምንት ቴርሞሜትር ሰቅለን ለካን። ቀንም ሌሊትም ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ነው። ፎርማጆ የሚወደው ይህንኑ ነው። መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ወገራ ይበርዳል።

የምንጠይቀው 1 ሚሊዮን ብር ነው፣ በ25 በመቶ ድርሻ። 310,000 ብሩ ለብረት ጋን፣ ለመጫኛና ለቅርጽ ማውጫ ነው። 190,000 ብሩ የአጎቴን ቤት ለማደስና መደርደሪያ ለመሥራት ነው። 453,750 ብሩ ለገበሬው ነው፦ በቀን 150 ሊትር፣ 55 ቀን፣ ሊትሩ 55 ብር። የቀረው 46,250 ለፈቃድና ለላቦራቶሪ ምርመራ። ለጋዝ፣ ለጨው፣ ለሬኔትና ለሠራተኛ የሚሆነውን 180,000 ብር ሁለታችን አጠራቅመናል።

ከጠቅላላው ትልቁ ድርሻ ለወተት የሚከፈል መሆኑን ልብ በሉልኝ። ፎርማጆው የሚሸጠው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ገበሬው ግን የሚበላው ዛሬ ነው። እናቴ በር ላይ «በሁለት ወር እከፍልሻለሁ» መባል የለባትም። ገንዘቡን የምንፈልገው ለዚህ ነው።

አመሰግናለሁ።

ለዳኞች ጥያቄ ያዘጋጀኋቸው መልሶች

«ቅቤ አለ አይደለም እንዴ? ቅቤም ይቆያል።»

ይቆያል። እናቶቻችን ጾሙን የተሻገሩት በቅቤ ነው። ግን አንድ ኪሎ ቅቤ 20 ሊትር ገደማ ወተት ይፈልጋል። ከወተቱ የሚወጣውም ስቡ ነው። ፕሮቲኑ አሬራው ውስጥ ይቀራል፣ አሬራው ደግሞ በጾም ይደፋል። ፎርማጆ ስቡንም አብዛኛውን ፕሮቲንም ይዞ ይቆያል። የኛ አጓት ለጥጃ ይሄዳል። ቅቤ ማውጣት የሚፈልግ ያውጣ፣ እኛ የምንገዛው የተረፈውን ነው።

«ትርፋችሁ ስንት ነው?»

ከ8,250 ሊትር፣ በሞከርነው መጠን ካሰብነው፣ 780 ኪሎ ያህል ይወጣል። 80 ኪሎው ቢበላሽ ወይም ባይሸጥ ብለን 700 ይዘናል። በ1,150 ብር 805,000 ብር ይሆናል። ወተቱን 453,750፣ ሌላውን ወጪ 180,000 ቀንሱ። 171,250 ብር ይቀራል። በአንድ ጾም ነው ይህ። ዕቃው አንዴ ከተገዛ ለፍልሰታም ለጾመ ነቢያትም ያገለግላል። መሣሪያውንና ቤቱን በአንድ ዓመት እንመልሳለን ብዬ አልዋሽም። በሦስተኛው ዐቢይ ጾም እንመልሳለን ብለን ነው ያሰብነው።

«ገበሬው በፍስክ 70 እየሸጠ ለናንተ ለምን በ55 ይሰጣል?»

በፍስክ ለኛ አይስጥ። በፍስክ ለባለብስክሌቱ ልጅ ይሽጥ፣ ከቡና ቤትና ከጎረቤት ጋር አንሻማም። በጾም ግን 30 ብር ያቀረበለት ሰው ከተገኘ ዕድለኛ ነው። እኛ 55 ብር፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ በእጁ። ስድስቱ ቤቶች ባለፈው ዓመት አንድም ቅዳሜ አላለፋቸውም። አሁን ዝርዝራችን ላይ 25 ቤት አለ፣ ሁሉም ከአዘዞና ከዙሪያው።

«ቱሪስት ባይመጣስ? መንገድ ቢዘጋስ?»

ይህ ጥያቄ ለኛም ከባድ ነበር። ቱሪስት በቀነሰ ጊዜ ሆቴሎቹ ምን ያህል እንደተጎዱ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ በሆቴል ብቻ አልተማመንንም። ፒዛ ቤቱ የሚሸጠው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪና ለከተማው ወጣት ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሠርግ አለ። መንገድን በተመለከተ፣ መንገድ በተዘጋ ቀን ወተት እስከ ማታ አይጠብቅም። ፎርማጆ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳምንት ይጠብቃል፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው በቀረ ቀን የሚገኘው የኛው ነው።

«ማን ነው የሚሠራው? ልምድ አላችሁ?»

ባልደረባዬ ምግብ ሳይንስ ተምራለች፣ ማሞቂያውና ንጽሕናው በእሷ እጅ ነው። እኔ ወተት ውስጥ ነው ያደግሁት። ገበሬዎቹን አውቃለሁ፣ የወተቱንም ሽታ። የመጀመሪያው ሙከራችን ጎማ ሆኖ ነው የወጣው፣ ሬኔቱ በዝቶ። ሁለተኛው መራራ ነበር። ሦስተኛው ሲበስል በጣቴ አንኳኳሁት። ባዶ ነገር ከሆነ ከበሮ ይመስላል፣ ውስጡ አብጧል ማለት ነው። ያኛው ደነዘዝ ያለ፣ የሞላ ድምፅ ሰጠ። ስንቆርጠው አንድም ቀዳዳ አልነበረውም። ባልደረባዬ አለቀሰች። አሁን ከመቁረጣችን በፊት በድምፁ እናውቀዋለን።

«ገንዘቡ ዛሬ ቢፈቀድ መቼ ትጀምራላችሁ?»

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ትንሿን ድስት ይዘን ያን ቀን እንጀምራለን፣ ቢፈቀድም ባይፈቀድም። ትልቁ ጋን ሥራ የሚጀምረው ለዐቢይ ጾም ነው። ለዚያ የድንጋይ ቤቱ እስከ ጥር መጨረሻ መታደስ አለበት።

ያ ሣጥን ውስጥ በፍልሰታ የሠራነው ፎርማጆ አለ። ቢላም ይዘናል። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ የምትጾሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የእናንተን በወረቀት ጠቅልለነዋል፣ ነገ ቤታችሁ ቅመሱት።