የ2018 ዓ.ም. የጥገና መርሐ ግብር፦ በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ ለሚገኘው ባለ 3 ፎቅ፣ 12 መኖሪያ ቤቶች ላሉት ሕንፃ

ለሕንፃው ባለቤቶችና ተከራዮች በሙሉ

የጥገና ኮሚቴው ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ባደረገው ስብሰባ በተጠናቀቀው ዓመት ለድንገተኛ ብልሽት የወጣውን ገንዘብ መርምሯል። ለተቃጠለው የውሃ ፓምፕ 46,000 ብር፣ ፓምፑ እስኪተካ በቦቴ ለተገዛው ውሃ 12,000 ብር፣ ዝናብ አፍስሶበት ለረገፈው የቤት ቁጥር 11 ኮርኒስ ደግሞ 19,000 ብር፣ በድምሩ 77,000 ብር ወጥቷል። ከየቤቱ በወር 400 ብር እየተዋጣ በዓመቱ የተሰበሰበው 57,600 ብር ብቻ ስለነበር የጎደለው በችኮላ መዋጮ መሞላቱን ሁላችንም እናስታውሳለን።

ኮሚቴው ይበልጥ ያሳሰበው ግን ፓምፑም ሆነ ጣሪያው ሳያስጠነቅቁ አለመበላሸታቸው ነው። ጥበቃው ፓምፑ ከመቃጠሉ 3 ሳምንት ቀደም ብሎ ድምፁ እንደ ቡና መፍጫ መሆኑን ተናግሮ ነበር፤ የሰማው ሰው ግን የሚጽፍበት መዝገብም፣ የሚነግረው ኃላፊም አልነበረውም። ይህ መርሐ ግብር የተዘጋጀው ለእንዲህ ዓይነቱ ማስጠንቀቂያ ተቀባይ ለማበጀት ነው።

ስለ ፓምፑና ስለ ውሃ ማጠራቀሚያዎቹ

የከተማችን ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣና ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያውን ገልብጦ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በመሬት ውስጥ ባለው 10,000 ሊትር በሚይዘው ታንከር ውስጥ ውሃው ሲያልቅ ፓምፑን እንዲያጠፋ የተገጠመው ተንሳፋፊ ማብሪያ ነጭ ቅርፊት ይዞት ወደ ላይ እንደተንጠለጠለ ተጣብቆ ተገኝቷል። ፓምፑ ታንከሩ መድረቁን የሚነግረው ስላጣ ሌሊቱን በሙሉ በባዶው ሲሠራ አደረ፤ የሚያቀዘቅዘው ውሃ ስላልነበረም መጀመሪያ ውሃ እንዳያፈስ የሚያግደው ሲል፣ ቀጥሎ የሞተሩ ጥቅልል ተቃጠለ።

ስለዚህ ተንሳፋፊው ማብሪያ በየ2 ወሩ ወጥቶ በኮምጣጤ ይታጠባል፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከዚህ በተጨማሪ መስመሩ ውሃ ሲያጣ ፓምፑን በራሱ የሚያቋርጥ መከላከያ በመስከረም ወር ይገጠማል፤ መቆጣጠሪያ ሳጥኑም ከወለል 1 ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። የፓምፕ ክፍላችን ከግቢው ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በዚህ ከተማ ጎርፍ የሚመጣው ሰማዩ በጠቆረ ቀን ብቻ አይደለም፤ ደጋው ላይ የዘነበው እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ያደረሰውን ጥፋት ለሚያስታውስ ሰው ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይመስለውም። ኩሽኔታውንና ሲሉን ባለሙያ በጥቅምትና በሚያዝያ ያያቸዋል።

ታንከሩና በጣሪያ ላይ ያሉት ሁለቱ ሮቶዎች በኅዳርና በግንቦት ይታጠባሉ። ሮቶዎቹን በረኪና በቀላቀለ ውሃ ሞልቶ አሳድሮ መድፋት የተሻለ ቢሆንም፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ይህን ያህል ሊትር መድፋት ኮሚቴው አልደፈረም። በምትኩ ግድግዳቸው 1 ኩባያ በረኪና በ20 ሊትር ባልዲ ውሃ ተበጥብጦ ይፈተጋል፤ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላም በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ኮምጣጤና በረኪና ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥሩ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ቀን አይሠሩም።

ስለ ጣሪያውና ስለ አሸንዳው

የቤት ቁጥር 11 ኮርኒስ በረገፈ ማግስት ሠራተኛው ጣሪያ ላይ ሲወጣ ቆርቆሮው ደህና ነበር። የተበላሸው በምስማሩ ራስ ሥር ያለው ትንሽ ጎማ ነው፤ ፀሐይ አድርቆት በጣት ሲነካ እንደ ድርቆሽ ይሰባበር ነበር። ውሃው በዚያች ቀዳዳ እየገባ እንጨቱን ተከትሎ ሄዶ ሌላ ቦታ ላይ ስለሚንጠባጠብ፣ ኮርኒሱ የረጠበበትን ቦታ ብቻ መድፈን ምን ጊዜም ትርፉ ድካም ነው።

የምስማሮቹ ጎማዎች በሙሉ በየካቲት ወር፣ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር ይቀየራሉ። ፀሐይ የሚያገኛቸው የፕላስቲክ ቱቦዎችም በዚያው ጊዜ ነጭ ቀለም ይቀባሉ ወይም ይሸፈናሉ። የጣሪያ ሥራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ 4 ሰዓት ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው እጅ አያስነካም፤ ከቀትር በኋላ ባለሙያ ፈልጎ የሚያገኝም በከተማችን ብዙ አይደለም። አሸንዳው በየካቲት መጨረሻና በሰኔ አጋማሽ ይጠረጋል፤ የተሰነጠቀው መውረጃ ቱቦ በጥር ይቀየራል።

ስለ ኤሌክትሪክ

የመጋቢት ሥራ የዋናው ሰሌዳ ምርመራ ነው። ሽቦ የሚታሰርባቸው ብሎኖች በሙቀት እየሰፉ፣ በቅዝቃዜ እየጠበቡ ይላላሉ። ከሁሉም የሚያሰጋው የኑትራል ሽቦው መላላት ነው፤ ሲቋረጥ በአንዳንድ ቤቶች ያለው ቮልቴጅ ከልክ በላይ ይወጣና ፍሪጅና ቴሌቪዥን በአንድ ጊዜ ይቃጠላሉ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ዋናውን አጥፍቶ ብሎኖቹን ያጠብቃል፣ የጠቆረ ሽቦ ይቀይራል፤ በጥቅምትም ይደግመዋል። የታሸገውን ቆጣሪ ግን ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኛ በቀር ማንም እንዳይነካው። መብራቱ አንዴ ደምቆ አንዴ ከፈዘዘ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ነዋሪው የቤቱን ብሬከር አጥፍቶ ወዲያውኑ ያሳውቅ።

ስለ ሴፕቲክ ታንኩ

በጥር ወር ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ በተጠቀለለበት ረጅም እንጨት ዝቃጩ ይለካል፤ የጥልቀቱን ሲሶ ከያዘ መጣጭ መኪና ይጠራል። በክረምት መኪናው ወረፋ ስለሚበዛበት እስከዚያ ማቆየት አይገባም። ውስጡ ያለው ጋዝ ሰው ስለሚገድል፣ የወደቀ ዕቃ ለማውጣትም ቢሆን ማንም አይገባበትም።

ስለ ወጪው

በዓመቱ ለፓምፕ ምርመራ 7,000 ብር፣ ለመከላከያውና ለሳጥኑ 6,500 ብር፣ ለታንከርና ለሮቶ እጥበት 8,000 ብር፣ ለጣሪያው 11,000 ብር፣ ለአሸንዳና ለመውረጃ ቱቦ 5,500 ብር፣ ለኤሌክትሪክ 6,000 ብር፣ ለሴፕቲክ ታንክ 9,000 ብር፣ በድምሩ 53,000 ብር ተይዟል። ወርኃዊ መዋጮው ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ 600 ብር ሲሆን በዓመት 86,400 ብር ይሰበሰባል። ቀሪው 33,400 ብር በመጠባበቂያነት በባንክ ይቀመጣል፤ ከኮሚቴው አባላት የሁለቱ ፊርማ ሳይኖርበትም አይወጣም። ለቀለምና ለግቢ ማስዋቢያ በዚህ ዓመት ገንዘብ አልተያዘም፤ ቅሬታ እንደሚያስነሳ ብናውቅም ጣሪያውን አስቀድመናል።

ስለ መዝገቡ

ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ በጥበቃው ቤት አንድ መዝገብ ይኖራል። ያልተለመደ ድምፅ፣ እርጥበት ወይም ሽታ ያስተዋለ ነዋሪ ቀኑንና የቤቱን ቁጥር ጨምሮ ያስመዘግባል፤ መጻፍ የማይችል ለጥበቃው ነግሮ ያስጽፋል። የኮሚቴው ተረኛ አባል ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት እያንዳንዱን ጥቆማ አይቶ የወሰደውን እርምጃ ከጎኑ ጽፎ ይፈርማል። የዋናው ውሃ መዝጊያ ቁልፍና የፓምፕ ክፍሉ ቁልፍ ከመዝገቡ ጋር በአንድ ሳጥን ይቀመጣሉ፤ ጥበቃው ሲቀያየርም በቁጥር ይረካከቧቸዋል።

የሕንፃው ጥገና ኮሚቴ
ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.