ጉዳዩ፦ የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ ቅጥር ውሳኔ መቼ እንደሚጠበቅ ስለመጠየቅ

ክብርት ወይዘሮ ሕይወት፣

እንደምን ሰነበቱ? ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለው ፋብሪካችሁ ለስፌት ክፍል የጥራት ቁጥጥር ኃላፊነት የመጨረሻውን ቃለ መጠይቅ ያደረግኩት ፋጡማ ነኝ። ዛሬ ሐሙስ ኅዳር 18 ነው። ያን ዕለት ስንለያይ ውጤቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደምታሳውቁ ነግረውኝ ነበር። ቀኑ ያለፈው በሁለት ቀን ብቻ በመሆኑ ዘገያችሁ ብዬ አይደለም የምጽፈው። የመጨረሻው ፊርማ አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት እንደሚመጣም በዚያው ቀን አስረድተውኛል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ውሳኔው መቼ ገደማ ይጠበቃል? ቁርጥ ያለ ቀን ባይኖር እንኳ "ከዚህ ሳምንት በፊት አይሆንም" የሚል መልስ ይበቃኛል።

ዝም ብዬ መጠበቅ እችል ነበር። አሁን በምሠራበት ፋብሪካ ግን በዚህ ሳምንት አንድ ጉዳይ ተነሥቷል፤ ሳልሸሽግ ልንገርዎት። መሥሪያ ቤቱ ከጥራት ክፍል ሁለት ሰዎችን መርጦ አዲስ አበባ ለሁለት ወር ሥልጠና ሊልክ ነው። አንዷ እኔ ነኝ። የስም ዝርዝሩ ዓርብ ኅዳር 26 ይዘጋል። ሥልጠናውን የሚወስድ ሰው ተመልሶ ሁለት ዓመት ለማገልገል ግዴታ ይፈርማል። ፈርሜ ከሄድኩ በኋላ የእናንተ ጥሪ ቢመጣ ቃሌን ማጠፍ ሊኖርብኝ ነው፤ ያን አላደርገውም። ሳልፈርም ቀርቼ ዕድሉን ባሳልፈው ደግሞ ጉዳቱ የራሴ ነው፤ ለእሱ ማንንም አልወቅስም።

ከሁሉ በላይ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ከእኔ ቀጥላ በተጠባባቂነት የተያዘች የሥራ ባልደረባ አለችኝ። አራት ዓመት በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ሠርተናል፤ ይህን ሥልጠና ከእኔ ይልቅ የምትፈልገው እሷ ናት። የማልሄድ ከሆነ ከኅዳር 26 በፊት ስሜን አስወጥቼ ቦታውን ልለቅላት እፈልጋለሁ። ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ ብለቅ ግን ቦታው ባዶ ይቀራል እንጂ ለእሷ አይደርሳትም። የእናንተን ቀን ማወቅ የፈለግኩት በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ይህን ስጽፍልዎት ውሳኔውን ለማስቸኮል ወይም "ሌላ ዕድል አለኝ" ብዬ ለመደራደር እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ። አይደለም። ደመወዙን በተመለከተ በቃለ መጠይቁ የተነጋገርነው እንዳለ ነው፤ የምጨምረው ጥያቄ የለኝም። ከሁለቱ መንገዶች የምመርጠውም የእናንተን ነው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ መስመሮቹን እየዞሩ ሲያሳዩኝ በየመስመሩ መጨረሻ የዕለቱ ጉድለት በሠራተኞቹ በራሳቸው እጅ ተጽፎ አየሁ። ጉድለትን ከሠራተኛ የማይደብቅ ፋብሪካ ውስጥ መሥራት ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምመኘው ነው።

የጊዜውን ስሌት በእኔ በኩል ላስቀምጠው፤ ለእናንተም ዕቅድ ይጠቅም ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራዬን ለመልቀቅ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ፤ ቀኑንም ሙሉ ሠርቼ፣ መዝገቤን በሥርዓት አስረክቤ ነው የምወጣው። ውሳኔው እስከ ዓርብ ኅዳር 26 ቢደርሰኝ ሰኞ ኅዳር 29 ማስጠንቀቂያዬን አስገባለሁ፤ የገና ማግስት፣ ሐሙስ ታኅሣሥ 30፣ እናንተ ዘንድ ሥራ እጀምራለሁ። ሥራ አስኪያጁ አዲሱ ትእዛዝ በጥር ስለሚገባ ሰውየው ከዚያ በፊት መስመሩን እንዲለምድ እንደሚፈልጉ ተናግረው ነበር። ውሳኔው በአንድ ሳምንት በዘገየ ቁጥር የምጀምርበትም ቀን በአንድ ሳምንት ይገፋል። ይህ የማያስቸግራችሁ ከሆነ ለእኔም አያስቸግረኝም፤ ማወቁ ብቻ ይበቃኛል።

ከውሳኔው በፊት የቀረ ነገር ካለም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። የሕክምና ምርመራ የሚያስፈልግ ከሆነ ደሴ ስለምኖር በአንድ ቀን ፈቃድ አስመርምሬ ውጤቱን አመጣለሁ። ስለ ሥራዬ እንዲመሰክሩ ስማቸውን የሰጠኋችሁ ሁለቱም የቀድሞ ኃላፊዎቼ ጥሪያችሁን እየጠበቁ ነው። አሁን ላለሁበት መሥሪያ ቤት ግን ገና አልተናገርኩም፤ ውሳኔው እስኪታወቅ ድረስ ወደዚያ እንዳይደወል አደራ እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። የቴክኒክ ኃላፊው በስሱ ፖሊስተር ጨርቅ ላይ የጎን ስፌቱ እየተጨማደደ እንደሚያስቸግር ነግረውኝ መጀመሪያ ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ። እኔም የክሩን ውጥረት ማላላትንና መርፌውን ወደ ቀጭን መቀየርን ተናግሬ አቆምኩ። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ችግሩ በአንድ ማሽን ላይ ይሁን በሁሉም ሳላውቅ ማስተካከያ መጀመር አልነበረብኝም። አሁን የምለው ይህ ነው፦ መርማሪዋ በመስመሩ ጫፍ ቆማ ያለቀ ልብስ ከምትጠብቅ በየማሽኑ ትዙር፤ ከእያንዳንዷ ሠራተኛ ሰባት ሰባት ቁራጭ አንስታ ትመርምር። ሁለት ማሽን ላይ ብቻ ከታየ ጉዳዩ የመካኒኩ ነው። ሁሉም ላይ ከታየ ወደ ጨርቁ፣ ወደ ክሩና ወደ መርፌው ምርጫ እንመለሳለን። ኃላፊው ከተመቻቸው ይህን ቢያደርሱልኝ አመሰግናለሁ። ውጤቱን ለማስቀየር ብዬ አይደለም፤ ጥያቄው ከልብ የተጠየቀ ስለነበር ሙሉ መልስ ይገባዋል።

ለመደወል ካሰቡ፣ የምርት ክፍል ውስጥ ስልክ ስለማይፈቀድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 9፡30 ስልኬ በሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል። ከ6 እስከ 6፡30 ምሳ ላይ ስለምሆን አነሣለሁ። ከዚያ ውጭ ከ11 ሰዓት በኋላ ቢደውሉልኝ ይሻላል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን በሚኒባስ ስወጣ ድምፁ እየተቆራረጠ ያስቸግራል። በዚህ ኢሜይል ሁለት መስመር ቢጽፉልኝም ማታ ማታ እከፍተዋለሁ።

መልሱ "አልመረጥንሽም" ቢሆንም ቀድሜ ባውቀው ደስ ይለኛል። ባልደረባዬ እስከ ዓርብ ኅዳር 26 ጊዜ አላት፤ ሥልጠናውን እኔ ልሂድበት ወይስ እሷ የሚለውን ያኔ ፊት ለፊት ልነግራት እችላለሁ።

ለሰጡኝ ጊዜና ከመጀመሪያው ጥሪ ጀምሮ ላሳዩኝ አክብሮት ከልብ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ፋጡማ
ደሴ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.