ስፒከሩ እምቢ ሲል (ለእማዬ)

እማዬ፣ ስፒከሩን ከስልክሽ ጋር እንዴት እንደምታገናኚው ትናንት ደውዬ ላስረዳሽ ስሞክር ሁለታችንም ተናደድን። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። እህቴ በትልልቅ ፊደል ፕሪንት አድርጋ ቡፌው ላይ ትለጥፍልሻለች። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ስፒከሩ የተበላሸ አይመስለኝም። እኔ የምጠረጥረው የልጅ ልጅሽን ነው። እሁድ መጥቶ በራሱ ስልክ ዘፈን ከፍቶበት ነበር አላልሽኝም? ስፒከሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚፈልገው መጨረሻ ያገኘውን ስልክ ነው። ልጁ ቤት ካለ የሱን ስልክ ብሉቱዝ ያጥፋ። መዝሙርሽን የቀማሽ እሱ ነው!

እሱ ከሌለ ግን እንዲህ አድርጊ። ስፒከሩን ግማሽ ሰዓት ያህል ቻርጅ ላይ ሰክተሽ ተዪው። ከዚያ ከስልክሽ ጋር እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪያቸው። የስፒከሩን ማብሪያ ጫን ብለሽ አጥፊው፣ መልሰሽ አብሪው። ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ስልክ እየፈለገ ነው። ሳይጠፋ ቀጥ ብሎ ከበራ ተገናኝቷል።

አሁን ወደ ስልኩ። ከላይ ጫፍ ጀምረሽ በጣትሽ ወደ ታች ጎትቺ። ምልክቶች ይመጣሉ። ሁለት ሦስት ማዕዘን የተደራረበበት፣ ሹል `B` የሚመስለው ብሉቱዝ ነው። ጣትሽን እላዩ ላይ አስቀምጠሽ እስከ ሦስት ቁጠሪና ልቀቂ። ዝርዝር ይከፈታል። ከላይ ያለው ማብሪያ ከጠፋ አብሪው። ከዚያ `BT Speaker` የሚለውን ንኪ። ከሥሩ `Connected` ካለ አለቀ፣ መዝሙርሽን ክፈቺ። የጎረቤት ቲቪ ስምም ሊመጣ ይችላል፤ እሱን አትንኪው።

አሁንም እምቢ ካለ፣ ከስሙ አጠገብ ጥርስ ያላት ጎማ የምትመስል ምልክት አለች። እሷን ንኪ፣ ቀጥሎ `Forget`። አይዞሽ፣ ፎቶሽም የሰው ቁጥርም አይጠፋም። ስልኩ ስፒከሩን ብቻ ነው የሚረሳው፤ እንደ አዲስ እናስተዋውቃቸዋለን። ስፒከሩ ላይ ያችን የ`B` ምልክት ያለባትን ቁልፍ እስከ አምስት ቆጥረሽ ያዢያት። መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ማለት ሲጀምር፣ ስልኩ ላይ `Pair new device` የሚለውን ንኪ። `BT Speaker` ሲመጣ እሱን ንኪ። ከጠየቀሽ `Pair` በይው። ቁጥር አስገቢ ካለሽ ደግሞ `0000`። ስሙ እስኪመጣ ግማሽ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፣ አትቸኩዪ። ትናንት የተሳሳትነው እዚህ ጋ ነው፦ አንቺ ሳይመጣ ደጋግመሽ ነካካሽ፣ እኔም ጮህኩብሽ።

ተገናኝቶ ድምፅ ከሌለ የስፒከሩንም የስልኩንም ድምፅ ጨምሪ። ሁለቱም የየራሳቸው አላቸው።

ካልሆነልሽ ደውዪልኝ። አንቺ ጋ ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን እዚህ ሜሪላንድ ገና አልተኛሁም። በቪዲዮ ደውዪና መብራቱን አሳዪኝ።