የምድር ቤት መኪና ማቆሚያ አየር ማናፈሻ፦ የዲዛይን መነሻ ማስታወሻ

ለ፦ አርክቴክት፣ ስትራክቸርና ኤሌክትሪክ ቡድኖች
ከ፦ መካኒካል ዲዛይን ቡድን
ረቂቅ፦ 2

ፋን መምረጥ ከመጀመራችን በፊት የያዝናቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። አንዱ ከተቀየረ ስሌቱ እንደ አዲስ ይሠራል። ስለዚህ ሳትነግሩን ግድግዳ አታንቀሳቅሱ።

መነሻ ግምቶች

ፓርኪንጉ ሁለት ወለል ነው። እያንዳንዱ 1,800 ካሬ ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር፣ ይዘቱ 5,400 ሜትር ኩብ። የቢሞቹን ይዘት አልቀነስንም። መኪኖቹ ቤንዚንና ናፍጣ ተቀላቅለው ነው የታሰቡት። እሳት በአንድ ጊዜ በአንድ ወለል ላይ ብቻ ይነሳል ብለናል።

የአየር ጥራት

የካርቦን ሞኖክሳይድ የ8 ሰዓት አማካይ ከ30 ፒፒኤም አይበልጥም። መውጫውና ራምፑ ላይ፣ መኪና በሚሰለፍበት ሰዓት፣ የ15 ደቂቃ ጣሪያው 90 ነው። ናፍጣ ስላለ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሴንሰርም ይገባል።

የአየር ልውውጥ

በአዘቦት በሰዓት 6 ጊዜ፣ ለጭስ 10 ጊዜ።

```
Q = ACH × V / 3600
6 × 5400 / 3600 = 9 m³/s
10 × 5400 / 3600 = 15 m³/s
```

በአሽሬ 62.1 በካሬ ሜትር 3.7 ሊትር በሰከንድ ብንሄድ ለአንድ ወለል 6.7 ሜትር ኩብ በሰከንድ ገደማ ይበቃን ነበር። የፋኑን መጠን የሚወስነው ግን ጭሱ ነው።

ለየወለሉ እኩል አቅም ያላቸው ሁለት ማስወጫ ፋኖች ይኖራሉ፣ እያንዳንዱ 7.5። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ብቻውን 5 ልውውጥ ይሰጣል። በአዘቦት ሁለቱም በ60 በመቶ ፍጥነት ይሄዳሉ፤ ያኔ የሚስቡት ኃይል ከሙሉው ሩብ እንኳ አይሞላም። ፋኖቹ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ1 ሰዓት የሚችሉ ይሁኑ፣ ጀነሬተርም ይያዝላቸው።

አየሩ የሚሄድበት

ጄት ፋን አስበን ትተነዋል። ቢሙ 60 ሳንቲም ወደ ታች ይወርዳል። ፋኑን ከሥሩ ብንሰቅለው የመኪና ጣሪያ ይነካል፣ በቢሞቹ መሃል ብንደብቀው ንፋሱ ቢሙን እየመታ ይቀራል። ስለዚህ ዳክት ነው፤ ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከወለሉ አጠገብ ይስባል። የታችኞቹን ቆርቆሮዎች ባምፐር እንዳይጨፈልቃቸው ፊታቸው የብረት ቱቦ ይተከል።

አማካይ ቁጥር ሞልቶ አንድ ጥግ ሊታፈን ይችላል። እኛን የሚያሳስበን በታችኛው ወለል ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ያለው ጥግ ነው። የራሱ መሳቢያ ይደረግለታል፣ አንድ ሴንሰርም በ1.5 ሜትር ከፍታ።

ታችኛው ወለል በፋን የሚገባለት አየር ከሚወጣው 90 በመቶ ነው፤ ጭስ ወደ ደረጃና ሊፍት እንዳይሄድ ግፊቱ ዝቅ ይበል። የማምለጫ በር ለመክፈት ግን ከ100 ኒውተን በላይ መጠየቅ የለበትም። ላይኛው ወለል በራምፑ ይተነፍሳል፤ 14 ካሬ ሜትር ክፍት ስላለ በጭስ ጊዜ ፍጥነቱ 1.1 ሜትር በሰከንድ ይሆናል።

ይህ የሚሠራው ግን ራምፑ ክፍት ከሆነ ነው። በሥዕሉ ላይ ያለው ማታ የሚዘጋ ድፍን ሻተር ነው። አርክቴክቶች፣ ወይ በእሳት ምልክት በራሱ የሚከፈት አድርጉት፣ ወይ በምትኩ ሌላ የአየር መግቢያ ስጡን። መልሳችሁ ሳይመጣ የላይኛውን ወለል ፋን አናዝም።