የሰዓት ማዕዘንና የዕለት ጥያቄዎች፦ 30፣ 5.5 እና 7

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ቅዳሜ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለምንገናኘው የጥናት ቡድን ነው። አብዛኞቻችሁ ከአራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ቀድታችሁ ለባንክ ያመለከታችሁ ናችሁ። ጥቂቶቻችሁ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ትዘጋጃላችሁ። ሁለቱም ዘንድ የአፕቲትዩድ ፈተና ላይ የሰዓትና የካሌንደር ጥያቄ ሊመጣባችሁ ይችላል። ብዙ ሰው እነዚህን ዘሎ ያልፋቸዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምትይዟቸው ነጥቦች ናቸው ባይ ነኝ። ሥራቸው ሦስት ቁጥር ላይ ነው የቆመው። ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ከገባችሁ ጥያቄው ቢጠማዘዝም አትሳሳቱም።

ከሰዓት እንጀምር። ክቡ 360 ዲግሪ ነው፣ 12 ቁጥር አለው። በሁለት ቁጥሮች መካከል 30 ዲግሪ አለ ማለት ነው። ደቂቃ ቆጣሪው በ60 ደቂቃ አንድ ዙር ስለሚጨርስ በደቂቃ 6 ዲግሪ ይሄዳል። ሰዓት ቆጣሪው በ60 ደቂቃ 30 ዲግሪ ብቻ ነው የሚሄደው፣ በደቂቃ ግማሽ ዲግሪ። ስለዚህ ደቂቃ ቆጣሪው በየደቂቃው 5.5 ዲግሪ ይበልጠዋል። ቀመሩ ከዚህ ነው የሚወጣው፦

ማዕዘን = 30 × ሰዓት − 5.5 × ደቂቃ

ውጤቱ ኔጌቲቭ ከሆነ ምልክቱን ጣሉት። ከ180 ከበለጠ ከ360 ቀንሱት። 12 ሰዓትን 0 አድርጋችሁ ውሰዱ።

ብዙ ተፈታኝ ጊዜ የሚያባክነው 5.5 ላይ ነው። ካልኩሌተር የለም፣ ወረቀቱ ጠባብ ነው፣ ነጥብ ያለው ማባዛት ያስፈራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ደቂቃውን ለሁለት ክፈሉና በ11 አባዙ። 4:24 ላይ ያለውን ማዕዘን ተጠየቃችሁ እንበል። የ24 ግማሽ 12፣ 12 በ11 ሲባዛ 132። 30 በ4 ደግሞ 120። ልዩነቱ 12 ዲግሪ። አለቀ። 10:10 ቢሆንስ? የ10 ግማሽ 5፣ በ11 ሲባዛ 55። 300 ሲቀነስ 55፣ 245። ከ180 ስለበለጠ ከ360 ሲቀነስ 115 ዲግሪ።

አሁን የእኛን አገር ተፈታኝ ለብቻው የሚያጠቃው ወጥመድ። ባለፈው ቅዳሜ ከቡድኑ አንዷ፣ «8:30 ሲል እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመጣው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ችግር አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ አለው። ወረቀቱ ላይ 8:30 ከተባለ ሰዓት ቆጣሪው በ8 እና በ9 መካከል ነው። 240 ሲቀነስ 165፣ 75 ዲግሪ። በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ተኩል ብላችሁ ካሰላችሁ ግን 60 እና 165፣ ልዩነቱ 105። አውጪው ጎበዝ ከሆነ ሁለቱም ቁጥሮች ምርጫው ውስጥ ተደርድረው ይጠብቋችኋል።

75 እና 105 ሲደመሩ 180 መሆናቸውን አያችሁ? በአጋጣሚ አይደለም። በሀገር ሰዓትና በፈረንጅ ሰዓት መካከል 6 ሰዓት አለ። 6 ሰዓት ለሰዓት ቆጣሪው ግማሽ ዙር ነው፣ 180 ዲግሪ። ደቂቃ ቆጣሪው ግን እዚያው ነው። ስለዚህ በማንኛውም ደቂቃ የአንዱ ማዕዘንና የሌላው ማዕዘን ድምር ሁልጊዜ 180 ነው። በስህተት በሀገር ሰዓት ሠርታችሁ ከሆነ እንደገና አትጀምሩ፣ ያገኛችሁትን ከ180 ቀንሱ። እኔ ይህን ግንኙነት በጣም እወደዋለሁ። ፒያሳ ላይ ቆሞ ሁለት ዓይነት ሰዓት ለሚቆጥር ሰው የተሠራ ይመስላል።

ሁለተኛው ዓይነት ጥያቄ የተገላቢጦሽ ነው። «በ4 እና በ5 ሰዓት መካከል ቆጣሪዎቹ መቼ ይደራረባሉ?» ልክ 4 ሰዓት ላይ ልዩነቱ 120 ዲግሪ ነው። ደቂቃ ቆጣሪው በየደቂቃው 5.5 እያጠበበ ይመጣል። 120ን ለ5.5 ማካፈል አለባችሁ። ለ5.5 ከማካፈል እጥፍ አድርጎ ለ11 ማካፈል ይቀላል፦ 240 ለ11፣ ማለትም 21 9/11 ደቂቃ። በ7 እና በ8 መካከል ፊት ለፊት የሚሆኑት መቼ ነው? ልዩነቱ 210 ነው፣ ወደ 180 ለማድረስ 30 ማጥበብ ይበቃል። 60 ለ11፣ 5 5/11 ደቂቃ። በዚህ ዓይነት ጥያቄ ምርጫዎቹ ውስጥ በ11 የተከፈለ ክፍልፋይ ፈልጉ። ልክ ሰዓት ላይ ካልወደቀ በቀር መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እንደዚያ ነው።

ቆጣሪዎቹ በ12 ሰዓት ውስጥ 12 ጊዜ ሳይሆን 11 ጊዜ ነው የሚደራረቡት። ከ11 በኋላ ያለው መደራረብ ልክ 12 ላይ ስለሚወድቅ ከቀጣዩ ጋር አንድ ይሆናል። በቀን 22 ጊዜ። 90 ዲግሪ የሚሠሩት ደግሞ በ12 ሰዓት ውስጥ 22 ጊዜ፣ በቀን 44 ጊዜ ነው። 24 እና 48 ብላችሁ እንዳትጽፉ።

የሚቀድም ሰዓትም አልፎ አልፎ ይመጣል። በየሰዓቱ 5 ደቂቃ የሚቀድም ሰዓት 6:00 ላይ ተስተካክሎ አሁን 12:30 ካሳየ፣ እሱ 390 ደቂቃ ቆጥሯል። እሱ 65 ሲቆጥር እውነተኛው 60 ነው። 390 ለ65፣ 6 ይሆናል። እውነተኛው ሰዓት 12:00 ነው።

ወደ ዕለት እንለፍ። እዚህ የሚያስፈልገው የ7 ቀሪ ብቻ ነው። ዛሬ ሰኞ ከሆነ ከ100 ቀን በኋላ ምን ቀን ነው? 98 በ7 ይካፈላል፣ 2 ይቀራል፣ ረቡዕ። ሳምንቶቹን ጥሎ ቀሪውን መቁጠር ነው ሥራው ሁሉ።

በፈረንጅ ካሌንደር 365 ቀን ያለው ዓመት 1 ቀን ይተርፈዋል፣ 366 ያለው 2። ጃንዋሪ 1 ቀን 2023 እሑድ ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ምን ይሆናል? 2023 አንድ፣ 2024 ሁለት፣ 2025 አንድ። ድምሩ 4፣ ሐሙስ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ተጨማሪዋ ቀን የምትቆጠረው ፌብሩዋሪ 29 በሁለቱ ቀኖች መካከል ከወደቀች ብቻ ነው። ከማርች 2024 እስከ ማርች 2025 ከተጠየቃችሁ 1 ነው የምትጨምሩት። ወሮቹም ቀሪ አላቸው፦ 31 ቀን ያለው 3፣ 30 ያለው 2፣ 28 ያለው 0። ለሩቅ ዓመት ደግሞ 100 ዓመት 5፣ 200 ዓመት 3፣ 300 ዓመት 1፣ 400 ዓመት 0 ይተርፋቸዋል። 1900 በ4 ቢካፈልም 366 ቀን አልነበረውም፣ 2000 ግን ነበረው፣ በ400 ስለሚካፈል።

አሁን የራሳችንን እንየው። ባሕረ ሐሳብ ይህን ሥራ ከማንም በላይ ያቀልለዋል። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉም 30 ቀን ናቸው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ወር 2 ቀን ብቻ ይገፋል። 31 ነው ወይስ 30 ብሎ ጣት መቁጠር የለም። የመስከረም 1ን ዕለት ለማግኘት 5500 ላይ ዓመቱን ደምሩ፣ ያ ዓመተ ዓለም ነው። ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍሉ፣ ቀሪውን ጣሉ፣ ያ መጠነ ራብዒት ነው። ሁለቱን ደምራችሁ ለ7 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ እንዲህ እያለ 0 ሲሆን ሰኞ ነው።

2018ን እንሞክር። 7518 እና 1879፣ ድምሩ 9397። 9394 በ7 ይካፈላል፣ 3 ይቀራል። ሐሙስ። ጥምቀትስ? ጥር 11 ነው። ከመስከረም እስከ ጥር 4 ወር፣ 8፣ ቀሪው 1። ከ1 እስከ 11 ደግሞ 10 ቀን፣ ቀሪው 3። ድምሩ 4። ከሐሙስ 4 ቀን ወደፊት ሰኞ። በዚሁ መንገድ ታኅሣሥ 29 የሚውለው ሁልጊዜ ዓመቱ ከገባበት ዕለት አንድ ቀን ወደኋላ ነው። ገና ግን በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ስለሚውል፣ ስለ ገና ስትጠየቁ ወንጌላዊውን አረጋግጡ። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ መጨረሻ ነው።

ሁለቱን መንገዶች አጋጥማችሁ እንድትተማመኑ ዓድዋን በሁለቱም እንሥራ። የካቲት 23 ቀን 1888። ዓመተ ዓለሙ 7388፣ መጠነ ራብዒቱ 1847። ትልቁን ቁጥር ሳትደምሩ ለየብቻ ቀሪያቸውን አውጡ። ከ7388 ላይ 7000 እና 350 ጣሉ፣ 38 ይቀራል፣ ቀሪው 3። ከ1847 ላይ 1400 እና 420 ጣሉ፣ 27 ይቀራል፣ ቀሪው 6። 3 እና 6፣ 9፣ ቀሪው 2። መስከረም 1 ረቡዕ ነበር። እስከ የካቲት 5 ወር፣ 10፣ ቀሪው 3። እስከ 23 ደግሞ 22 ቀን፣ ቀሪው 1። ከረቡዕ 4 ቀን ወደፊት እሑድ።

በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ከ1896 በፊት 1895 ሙሉ ዓመት አልፏል፦ 1600 ዓመት 0፣ ቀጣዩ 200 ዓመት 3። ከዚያ 95 ዓመት ውስጥ 23ቱ 366 ቀን ያላቸው ናቸው፣ 95 እና 23፣ 118፣ ቀሪው 6። ጃንዋሪ 3፣ ፌብሩዋሪ 29 ቀን ስለነበረው 1፣ ማርች 1። ድምሩ 14፣ ቀሪው 0። በዚህ መንገድ 0 እሑድ ነው። ተገናኙ። ዛሬ ዓድዋን የምናከብረው ማርች 2 ላይ የሆነው ለምን እንደሆነም መልሱ ከላይ አለ፦ 1900 በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 29ን ዘለለ፣ የእኛ አቆጣጠር ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ማድረጉን አያቋርጥም።

በፈተናው ላይ ባሕረ ሐሳብ አይጠየቅ ይሆናል። ቢሆንም በእሱ ተለማመዱ። የ7 ቀሪ እጃችሁ ላይ እስኪገባ ድረስ ከእሱ የተሻለ መለማመጃ አላገኘሁም፣ መልሳችሁንም ግድግዳ ላይ ካለው ካሌንደር ማየት ትችላላችሁ።

ለቅዳሜ እነዚህን ያለ ካልኩሌተር ሠርታችሁ ኑ፦ የ7:20 ማዕዘን፣ የ12:15 ማዕዘን፣ በ2 እና በ3 መካከል 90 ዲግሪ የሚሠሩበት ደቂቃ፣ ዛሬ ዓርብ ቢሆን ከ1000 ቀን በኋላ ያለው ዕለት፣ የ2019 ጥምቀት ዕለት። መልሶቹ በቅደም ተከተል 100 ዲግሪ፣ 82.5 ዲግሪ፣ 27 3/11 ደቂቃ፣ ሐሙስ እና ማክሰኞ ናቸው። ሦስተኛው ላይ አንድ መልስ ብቻ ለምን እንደወጣ ግን እናንተ ናችሁ የምታስረዱኝ።